ለነገው ፈተና፦ የኮትቻ አፈር ሃንድአውት ባጭሩ

ሰላም ልጆች፣ 46ቱን ገጽ ላልጨረሳችሁ። ኮትቻ (ቨርቲሶል) ቢያንስ 30% ሸክላ አለው፤ ሸክላው በአብዛኛው ስሜክታይት ስለሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥቁር ስለሆነ ኦርጋኒክ ቁሱ ብዙ ነው እንዳትሉ፤ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው።

ዋናው ችግር የክረምት ውሃ መተኛት ነው። አየር ሲጠፋ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ከናይትሬት ይወስዳሉ፣ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ዩሪያ ከፋፍለን የምንጨምረው ለዚህ ነው። መፍትሔው 80 ሴ.ሜ መደብ፣ 40 ሴ.ሜ ቦይ፤ የእነዋሪ ገበሬዎች በእጅ የሚሠሩት ዓይነት። ቦዩ መውጫ ከሌለው ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ሥዕላችሁ ላይ መውጫውን አሳዩ።

አፈር ማቃጠል፦ ፎስፈረስን ለጊዜው ይጨምራል፣ ናይትሮጅንንና ኦርጋኒክ ቁስን ያጠፋል።

የምደባውን ክፍል (ገጽ 30–38) እለፉት፤ አይወጣም ተብሏል።