የጉዳይ ትንተና፦ የ22 ዓመት ወጣት፣ የመጀመሪያ የሳይኮሲስ ሕመም

የቀረበበት ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ለሥነ አእምሮ ክፍሉ የጋራ ውይይት
መረጃ የሰጡን፦ ራሱ ታካሚው፣ እናቱ፣ ታላቅ እህቱ፤ በስልክ ደግሞ አንድ የዶርም ጓደኛው (በታካሚው ፈቃድ)

ማን ነው?

የ4ኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው። ተወልዶ ያደገው ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ውስጥ ነው። አምስት ልጆች ካሉት ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። አሁን ኮተቤ፣ እህቱ ተከራይታ በምትኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ከእናቱ ጋር አለ።

ሲገባ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በጎማ ሦስት ቦታ አስሮ፣ እናቱ ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥሮታል። «እሷ ጋ ሲሆን አይሰሙኝም» አለኝ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ስለዚህ ልጅ የነገረኝ ነገር የለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዴት መጣ?

በመስከረም ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ተለውጦ ነበር። ጓደኛው «ዝም አለብን» ይላል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሩን ተወ። ክፍል ይገባል፣ ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ማታ ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

በኅዳር የመካከለኛ ፈተና ደረሰ። ጫት ከ1ኛ ዓመት ጀምሮ ለጥናት አልፎ አልፎ ይቅም ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን በየቀኑ ሆነ፤ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ። ሲጋራም ተጨመረ። ካናቢስ ሁለት ጊዜ ቀምሷል፤ ሁለቱም ከዓመት በፊት ነው። አልኮል አይጠጣም።

ጥር 10፣ የከተራ ማታ፣ ልጆቹ ታቦት ሊሸኙ ሲወጡ እሱ ዶርም ቀረ። የሁለት ወንዶች ድምፅ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ስለ እሱ ያወራሉ፦ «አሁን ተነሣ፤ አሁን ውሃ ጠጣ።» ከዚያም ክፍል የሚጋሩት ልጆች ስልኩ ውስጥ ነገር እንዳስገቡበትና ሐሳቡ ለግቢው ሁሉ እንደሚሰማ አመነ። ሲሙን ሰበረው። የካፌ ምግብ መርዘውታል ብሎ መብላት አቆመ። አንዱን ልጅ ገፍትሮ ከጣለው በኋላ እህቱ የካቲት 25 ሄዳ አመጣችው።

እህቱ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ወጥቶ ሊሮጥ ሲል ዘመዶች አሰሩት። የገመዱ ጠባሳ አሁንም እጁ አንጓ ላይ አለ። እህቱ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ከመጋቢት 1 ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ገደማ ጠበል ነበር፤ ዓቢይ ጾምን እዚያው ጾመ። ከፋሲካ በኋላ ያጠመቁት አባት ራሳቸው «ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ውሰዱት» ብለው ላኩት።

ዛሬ ያየነው

ንጹሕ ለብሷል፤ እናቱ አጥባዋለች። ዓይን ለዓይን አያይም። ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ግን ይያያዛል። መሐል ላይ ያቆምና ጆሮውን ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ስሜቱ የደበዘዘ ነው። ከፍ ያለ ደስታ፣ የችኮላ ንግግር ወይም ያለ እንቅልፍ ጉልበት ማግኘት አሁንም ሆነ ከዚህ በፊት አልታየም። ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዉን በትክክል ያውቃል። «ታምሜያለሁ?» ሲል ራሱ ጠየቀኝ። ይህ ትልቅ በር ነው።

ክብደቱ 49 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.74 ሜትር ነው። ይህ የሰውነት ክብደት መለኪያውን (BMI) 16.2 ያደርገዋል፤ በጣም ከስቷል። ሄሞግሎቢን 11.2 ነው። የደም ስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የታይሮይድ ምርመራ ልክ ነው። ኤችአይቪና ቂጥኝ የለበትም። የልብ ኢሲጂ ደህና ነው። ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የአንድ ወገን መዛል የለም። ስለዚህ የአንጎል ምስል አሁን አላዘዝኩም። የነርቭ ምልክት ከመጣ ወይም ለመድኃኒት እንደሚጠበቀው ካልመለሰ እናዝዛለን።

ምን እንለዋለን?

ቤተሰቡም፣ ጓደኛውም፣ በመጀመሪያ ያየው ባልደረባችንም «የጫት ነው» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴ ቀኖቹ ናቸው። ልጁ መለወጥ የጀመረው በመስከረም ነው፤ በየቀኑ መቃም የጀመረው በኅዳር። ጫት ካቆመ ዛሬ 55 ቀኑ ነው፤ ድምፁ ግን ዛሬ ጠዋትም አብሮት ነበር። የጫት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መሸሽ ነበረበት። ጫት ክብሪት ሆኗል፤ ማገዶው ግን ቀድሞ ተከምሯል።

ድምፁ ከወር አልፏል። ስለዚህ የሥራ ምርመራዬ ስኪዞፍሬኒያ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ድብታና መራቅ ከቆጠርን ሰባት ወር አልፎታል። ቢሆንም ይህን ስም ዛሬ ለቤተሰቡ እንደ ፍርድ አልሰጥም፤ «የመጀመሪያ የሳይኮሲስ ሕመም» ይበቃል። ባይፖላርና ከባድ ድብርት ከሳይኮሲስ ጋር በክትትል መታየታቸው ይቀጥላል።

ሰውነቱ የተሸከመው

የእናቱ ወንድም በወጣትነቱ ብቻውን እያወራ ከቤት ወጥቶ፣ ሲንከራተት ሞቷል። እናቱ ይህን የነገሩን እህቱ ወጥታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ልጁ ሲወለድ ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ ቶሎ አላለቀሰም። እነዚህ ሁለቱ ተጋላጭነቱን ከፍ ያደርጋሉ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንን ይለቃል። ተጋላጭ አንጎል ላይ ያንን መጨመርና እንቅልፍ መንሣት አደገኛ ነው። ራሱም «ስቅም ድምፁ ይሸሸኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ» ብሏል። አሁን ጫቱ የለም፤ የተራበ ሰውነትና በሌሊት ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ግን አሉ። ሕመሙን ይዘው ያቆዩት እነሱ ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ልቡ የተሸከመው

አባቱ የሞቱት በ9 ዓመቱ ነው። በቀብሩ ቀን አጎቱ ትከሻውን ይዞ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» አለው። ይህን ሲነግረኝ በዚያው በተነገረው ድምፅ ነው የደገመው። ከዚያ በኋላ መውደቅ የማይፈቀድለት ልጅ ሆነ። በዓመቱ አጋማሽ ሁለት ትምህርት ሲወድቅ ለማንም አልተናገረም፤ ለእናቱ «ደህና ነኝ» አለ።

ድምፆቹ የሚሉት ነገርም ከየትም የመጣ አይደለም። «አንተ ግቢ ተቀምጠህ እነሱ አለቁ» ይሉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የትውልድ አካባቢው ላይ ባለው ግጭት የተነሣ ስልክ ተቋርጦ ለሁለት ወር የእናቱን ድምፅ አልሰማም። በሕይወት መኖራቸውን ያወቀው ከጥር አጋማሽ በኋላ ነው። ልጁ ቀን ከሌሊት ስልኩን እያየ ጠብቋል። ስልኩ ዝም ብሎ ኖሮ ኖሮ፣ በመጨረሻ ስልኩ ራሱ አውሬ ሆነበት። ዛሬ እናቱ ነጠላ ላይ የታሰረውም ያው ስልክ ነው። ይህ የሕመሙ መነሻ ነው አልልም፤ ቅርጹን የሰጠው ግን ይህ ይመስለኛል።

አሁን የሚጎዳው ሌላው ነገር ሐፍረት ነው። «እማዬ አሳፈርኳት» ይላል። መታሰሩን አልረሳም፤ ሰው ሲቀርበው አንጓውን ይሸፍናል።

ዙሪያው

እህቱ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ነው የምትሠራው፤ የሦስቱም ጉሮሮ በእሷ እጅ ነው። እሱን ለማየት በቀረችባቸው ቀናት ደመወዟ ተቆርጧል። እናቱ ያልታረሰ መሬትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ጥለው ነው የመጡት። አከራይዋ «እብድ አላስገባም» ብላለች። የመድኃኒት መቋረጥ ከመጣ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።

እናቱ ሕመሙን የሚያዩት እንደ መንፈስና እንደ ሰው ዓይን ነው፤ እህቱ እንደ ጫት፤ እሱ እንደ ስልክ። ሦስቱንም አልተከራከርኩም። የሚያገናኛቸው ነገር አለ፦ ሦስቱም እንዲተኛና እንዲበላ ይፈልጋሉ።

የሚይዘው ገመድ

ከሌሎች ብዙ ታካሚዎቻችን ይልቅ ቶሎ መጥቷል፤ ድምፁን ከሰማ ዛሬ 100ኛ ቀኑ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ጫቱን ያለ ሕክምና አቁሟል። የንስሐ አባቱ ከእኛ ጋር ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእናቱ እጅ ይበላል። ካፌ ላይ መርዝ የሚያየው ልጅ የእናቱን ጉርሻ አይጠረጥርም።

ስጋት

ከድምፆቹ አንዱ «ሙት» ይለዋል። በመጋቢት አንድ ሌሊት ሊታዘዘው ወጥቶ ነበር፤ እናቱ ተከትለው መለሱት። ዛሬ መሞት አልፈልግም ይላል፤ ዕቅድም የለውም። ሆኖም ስጋቱ መካከለኛ ነው፤ ድምፁ ካልቀነሰና ሐፍረቱ ከበረታ ይጨምራል። በሰው ላይ ያለው ስጋት ዝቅተኛ ነው፤ ከአንዱ መገፍተር ውጭ ማንንም አልነካም።

አልጋ ማስያዝን አስበንበታል። ነገር ግን የማያውቀው ሰው ያቀረበለትን አይበላም፤ በ49 ኪሎ ደግሞ ያንን መቋቋም አይችልም። ስለዚህ እናቱና እህቱ ሌሊቱን ተፈራርቀው እየጠበቁት ቤት ሆኖ ይታከም። ዕቅድ ከተናገረ፣ መብላት ካቆመ ወይም መድኃኒቱን እምቢ ካለ በዚያው ቀን ይግባ።

የምናደርገው

ሪስፔሪዶን 1 ሚሊ ግራም ማታ፤ ከሳምንት በኋላ 2። መድኃኒት አይቶ የማያውቅና የከሳ ወጣት ነው፤ ቀስ ማለት ይበቃዋል። ሃሎፔሪዶል ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ግን በወጣት ወንድ ላይ አንገትና መንጋጋን የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። አንዴ ያ ከደረሰበት «መርዘውኛል» የሚለው እምነት እኛንም ይጨምራል። ክብደት፣ ወገብና የደም ስኳር በየጊዜው ይለካ።

ምግብ በአንዴ አይጫንበት፤ ቫይታሚን ቢ1 ይጀመርና በትንሽ በትንሹ ይጨመር። አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህን ጊዜ እንጠቀምበት። የሐዋርያት ጾም ሰኔ 2 ሲገባ እንዳይጾም የንስሐ አባቱ እንዲፈቱት ከወዲሁ እንነጋገራለን። ጠበሉን መጠጣት ይችላል፤ ክኒኑ ማታ ከእራት ጋር ነው፤ አይጋጩም።

ለዩኒቨርሲቲው በሕመም ምክንያት ትምህርት ለማቋረጥ የሚያበቃ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ መመለሻ ቦታው እንዳይዘጋበት። የሳይኮሲስ ስም ደብዳቤው ላይ አይጻፍም። የማኅበራዊ ሠራተኛችን ከአከራይዋ ጋር ትነጋገራለች፤ እህቱ ከፈቀደች ብቻ።

ስለ መታሰሩ ከእሱ ጋር የምናወራው ሲረጋጋ ነው። ቤተሰቡን አንወቅስም፤ በድንጋጤ ያደረጉት ነው። ግን ዳግም እንዳይደረግ ማን ላይ መደወል እንዳለባቸው ዛሬውኑ ይወቁ።

ለእሱና ለእናቱ የተነገረው

«ወንድሜ፣ አንጎልህ በጣም ደክሟል። ከተፈጥሮህ ትንሽ ስስ ነበር። እንቅልፍ አጣህ፣ ጫት በዛ፣ ከቤት ወሬ ጠፋ፣ ሁሉንም ለብቻህ ተሸከምክ። አሁን አንጎልህ የሌለውን ድምፅ ያሰማሃል። መድኃኒቱ ድምፁን ለመቀነስ ነው። ይህ ሰነፍ ስለሆንክ የመጣ አይደለም። እናቴ፣ እርስዎም ያደረጉት ጥፋት የለም።»

እናቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ወንድሜም እንዲህ ቢባል ኖሮ» አሉ።

ቀጠሮ

ሐሙስ በእህቱ ስልክ ይደወላል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል ስለሆነ ቀጠሮው ማክሰኞ ሚያዝያ 28 ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እናቱም ይምጡ። ስልኩን ከነጠላው እንዲፈታ አንጠይቀውም።