ልጃችን ከመጣች ወዲህ፦ ለባለቤቴ

ውዴ፣

በአፌ ልነግርህ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ልጅቷ ስታለቅስ ተቋርጦብኛል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ተኝታለች፤ ግፋ ቢል 40 ደቂቃ ነው የምትተኛው። እስከ መጨረሻው አንብበውና ማታ እናወራለን።

ልወቅስህ አይደለም። የ6 ሳምንቱንም የ10 ሳምንቱንም ክትባት አስፈቅደህ አብረኸን ሄደሃል፤ ዳይፐር አልቆብን አያውቅም። ለእሷ ጥሩ አባት ነህ። እኔን ግን ካየኸኝ ቆየህ።

ማታ ስትገባ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ቀጥታ ወደ እሷ ነው። «ጠባች? ተኛች? ካካ ብላለች?» እመልስልሃለሁ፤ ዓይንህ ግን ከእሷ አይነሳም። ማክሰኞ እህትህ ልጅቷን ይዛልኝ ሹሩባ ተሠራሁ። ሐሙስ በቪዲዮ ስንደውል «አምሮብሻል» ያሉኝ እናትህ ናቸው። ስልኩን የያዝከው አንተ ነበርክ። ስሜም ተቀይሯል፤ «ብርቄ» ትለኝ የነበርከው አሁን «ማሚ» ሆኛለሁ። ማሚ መባሉ ደስ ይለኛል፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ።

አራስ ሳለሁ ይህን ያህል አልተሰማኝም። እማዬ ገንፎውን አገንፍታ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ከራስጌዬ አድርጋ «ብዪ፣ ጠጪ» ትለኝ ነበር። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነስታ እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ያ ሁሉ ባንድ ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን የምበላው ቆሜ፣ በአንድ እጄ ነው። ውሃ መጠጣት እየረሳሁ ማታ ራሴን ያመኛል፤ ለምታጠባ ሴት ይህ ጥሩ አይደለም።

ሌሊቱንም ስለማታየው ልንገርህ። ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ማጥባት፣ ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ መልሶ ማስተኛት በትንሹ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ሳታገሳ ከተኛች ታስመልሳለች፤ ያኔ ልብሱም አንሶላውም ይቀየራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ እንቅልፍ አላገኘሁም። «ቀን ስትተኛ አብረሽ ተኚ» ትለኛለህ፤ ቀን ስትተኛ የእሷን ልብስ የማጥበው ማን መሰለህ?

በ10 ሳምንቱ ክትባት ቀን አንተ ካርዱን ስታስሞላ ነርሷ «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ጉንፋን ነው ብዬህ ነበር፤ አልነበረም። ይኸው ስሜት በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ካልቀለለኝ ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ፤ አብረኸኝ እንድትሄድ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ስትገባ መጀመሪያ ወደ እኔ ና፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። «ምን በላሽ?» በለኝ።

የምሽት 4 ሰዓቱን ያንተ እናድርገው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካጠባኋት በኋላ አልቤ 90 ሚሊ ሊትር ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ቀኑን ጽፌበት። እሳት ላይ አትጣደው፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመውና የእጅህ አንጓ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክረው። በንጹሕ ሲኒ ቀስ እያደረግህ ስጣት፤ አፏ ውስጥ አትገልብጠው፣ ራሷ ትምጠጠው። የተረፋትን ለሌላ ጊዜ አታቆይ። ከፍሪጅ ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ የቆየውንም ድፋው፤ መብራት ሲጠፋ ይህን አትርሳ። እስክታገሳ ትከሻህ ላይ ያዛት። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ከተኛሁ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የማድረው።

«ላግዝሽ?» አትበለኝ። ስትለኝ ሥራው የእኔ፣ አንተ እንግዳ ትመስላለህ። ዝም ብለህ ያዘው።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ድሮው ቡና አፍልቼ አብረን እንጠጣ። እስከ ሦስተኛው ሲኒ ስለ ልጅቷ አናውራ። ወደ ሥራ ልመለስ 4 ሳምንት ቀርቶኛል፤ ፈርቻለሁ፣ አንዴም አልጠየቅኸኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመጻፍ ቢከብደኝም። ስትጠጋኝ የምሸሸው ጠልቼህ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰውነቴ የእሷ ነው፤ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር የምትፈልግ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ማቀፍ ብቻ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ፤ መታቀፍ ናፍቆኛል።

ነቃች መሰለኝ። ሹሩባውን ነገ እፈታዋለሁ። ዛሬ ማታ እየው።

ብርቄ