ታይፎይድ አይደለም

ፋይናል በገባ በሦስተኛው ቀን መክሊትን ራስ ምታት ያዛት። ከዓይኗ በላይ ይጀምርና ጭንቅላቷን እንደ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያስራታል።

ዶርም ውስጥ መቼም ሐኪም ያልሆነ የለም። «ታይፎይድ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለች ሕይወት ከላይኛው አልጋ። ሌላዋ መነጽር አዘዘችላት። እናቷ ደግሞ በስልክ «ዓይን ነው ልጄ። የላክሁልሽን ጠበል ፊትሽን ተቀቢው» አለቻት። መክሊት ፓራሲታሞል ዋጠች። ከሰዓት ደገመች። ማታ ቡናዋን ጠጥታ ላይብረሪ ገባች።

ሐሙስ አካውንቲንግ ስትፈተን ዴቢትና ክሬዲቱ ተምታታባት። እንደምንም ጨርሳ በቀጥታ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሄደች።

ሲስተሯ ሙቀቷንና የደም ግፊቷን ለካች። ትኩሳት የለም። ያስመልስሻል? አንገትሽ ይደርቃል? ዓይንሽን ብዥ ይልብሻል? ሁሉንም የለም አለች።

«የታይፎይድ ምርመራ ይታዘዝልኝ።»

«ቆይ እስኪ። ዛሬ ቁርስ ምን በላሽ?»

«አልበላሁም። የካፌው ሰልፍ አያልቅም።»

«ትናንት ማታስ?»

መክሊት አሰብ አደረገች። «ቡና ጠጣሁ።»

«እራት ነው እሱ? ምሳስ?»

«ብስኩት። እሱንም ግማሹን ጓደኛዬ በላችብኝ።»

«ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ሌሊት አስር ሰዓት። አስራ ሁለት ላይ ተነሳሁ።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እና ይሄ ጭንቅላት ምን በወጣው ነው የማያመው? ሆድሽ ባዶ ሲውል የደምሽ ስኳር ይወርዳል። እንቅልፍ ማጣትም ብቻውን ራስ ያሳምማል። ቡናው ደግሞ ያቺኑ የቀረችሽን እንቅልፍ ይነሳሻል። ኪኒኑንም በየቀኑ አታዘውትሪው፣ ሲበዛ እሱ ራሱ ያሳምማል። ብዪና ተኚ። እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ወይም ትኩሳት ከመጣ ተመለሺ፣ ያኔ እንመረምርሻለን።»

መክሊት ትንሽ ቅር አላት። ይህን ሁሉ ተሰቃይታ በሽታዋ ስም እንኳ የለውም።

ማታ ካፌ ተሰለፈች። የካፌ ሽሮ ማንንም አያስፎክርም፣ ግን ትኩስ ነበር፤ ሳህኑን ጠርጋ በላች። አምስት ሰዓት ሲል ሀንዳውቱን ዘጋች። ሕይወት «አብደሻል? ሁለት ቻፕተር ይቀርሻል እኮ!» ስትላት ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ስባ ነበር።

አርብ ጠዋት ሕመሙ ቀለል አለ። ቅዳሜ ጨርሶ ለቀቃት። ሰኞ በስታትስቲክሱ ፈተና ካላነበበችው ቻፕተር አንድ ባለ አስር ማርክ ጥያቄ መጣና አናደዳት። የቀረውን ግን እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ አንብባ ሠራችው፤ ሐሙስ ዕለት አንዱን ዓረፍተ ነገር አራቴ ነበር የምታነበው።

ምሳ ላይ ስልኳ ጠራ።

«ተሻለሽ ልጄ?»

«ተሻለኝ እማዬ።»

«ጠበሉ ነዋ! አላልኩሽም?»

መክሊት አፏ ሙሉ እንጀራ ነበር። «እህም» አለች።