በፈቃዳቸው ከለቀቁ ሠራተኞች ጋር የተደረገ የመውጫ ቃለ መጠይቅ፦ የጥያቄ ዝርዝርና ጥቅል ሪፖርት

ለ፦ ከፍተኛ የሥራ አመራር አባላት
ከ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ
ጉዳዩ፦ የዓመቱን የመውጫ ቃለ መጠይቅ ውጤት ስለማቅረብ

ባለፈው የበጀት ዓመት 41 ሠራተኞች በገዛ ፈቃዳቸው ድርጅቱን ለቀዋል፤ 34ቱ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ፈቃደኛ ሆነዋል። ጊዜ ለሌለው አንባቢ ዋናውን ከወዲሁ እንናገር። የለቀቁት ሰዎች የሄዱት በአብዛኛው የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ቦታ ነው። ሌላ ሥራ መፈለግ የጀመሩት ግን ስለ ደመወዝ ከማሰባቸው ከወራት በፊት፣ በሌላ ምክንያት ነበር። ያ ምክንያት በአብዛኛው በእጃችን ያለ ነው።

የተናጋሪዎች ማንነት እንዴት እንደተጠበቀ

የለቀቁትን ሰዎች ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስም መሰረዝ ብቻውን ማንንም አይሰውርም፤ «በአንድ አነስተኛ ክፍል ሁለት ዓመት የሠራች ባለሙያ» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። በዚህ ምክንያት አንድ ጉዳይ በዚህ ሪፖርት ውስጥ የገባው ቢያንስ አምስት ሰዎች፣ ቢያንስ ከሁለት የሥራ ክፍሎች፣ ያለ ጠያቂው ግፊት ራሳቸው ያነሡት ሲሆን ብቻ ነው።

በየክፍሉ የተከፋፈለ ቁጥር አላቀረብንም። የትልልቆቹን ክፍሎች ቁጥር ሰጥተን የትንሹን ብንደብቅ፣ ከጠቅላላው ቀንሶ የተደበቀውን ማግኘት የደቂቃ ሥራ ነው። ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ እንዲቀርብ የቀረበልንን ሐሳብ ያልተቀበልነውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ ሩብ ዓመት የሚለቁት ጥቂት በመሆናቸው፣ ሁለት ተከታታይ ሪፖርቶችን ያስተያየ ሰው አዲስ የተጨመረው ቅሬታ የማን እንደሆነ በቀላሉ ይደርስበታል።

ቀጥተኛ ጥቅስም የለም። ሰው በአነጋገሩ ይታወቃል፤ አብሮት ለዓመታት የሠራ ኃላፊ አንድ ዐረፍተ ነገር አንብቦ ድምፁን ይሰማዋል። የተነገረውን ሁሉ በራሳችን ቃል መልሰን ጽፈነዋል። ሪፖርቱ ትንሽ ደብዝዞ ሊታያችሁ ይችላል፤ ዐውቀን የከፈልነው ዋጋ ነው።

በቁጥር ፋንታ ሦስት ቃላት ተጠቅመናል። «አብዛኞቹ» ስንል ከግማሽ በላይ፣ «ብዙዎች» ስንል ከሲሶ እስከ ግማሽ፣ «አንዳንዶች» ስንል ከአምስት ሰው ጀምሮ እስከ ሲሶ ማለታችን ነው። የቃለ መጠይቁ ማስታወሻዎች በመምሪያው ሁለት ሠራተኞች እጅ ብቻ፣ ከስም ዝርዝሩ ተለይተው ይገኛሉ፤ ከ12 ወራት በኋላ ይወገዳሉ።

ጥያቄዎቹ

ቀድሞ የነበረው ቅጽ «የለቀቁበት ምክንያት» በሚል ርእስ ሥር ስድስት ሳጥኖች ነበሩት። ለቃቂው «የተሻለ ደመወዝ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል፤ ማንንም የማያስቀይመው መልስ እሱ ነውና። አዲሱ ዝርዝር ስለ ምክንያት በቀጥታ አይጠይቅም፤ ስለ ጊዜና ስለ ሁኔታ ይጠይቃል። ጠያቂው የለቃቂው አለቃ ሆኖ የማያውቅ የመምሪያችን ባልደረባ ነው። ቃለ መጠይቁ የሚካሄደው የሥራ ልምድ ደብዳቤውና ቀሪ ክፍያው ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጠብቅ ሰው ሁሉም ነገር መልካም ነበር ማለቱ አይቀርም።

ጠያቂው በመጀመሪያ ይህን ያነብባል፦

«ጊዜዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በፈቃድዎ ነው፤ መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ማለፍ፣ በፈለጉ ጊዜም ማቋረጥ ይችላሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎንና ቀሪ ክፍያዎን ተቀብለዋል፤ እዚህ የሚናገሩት ምንም አያጎድልብዎትም። የሚሉትን በማስታወሻ እይዛለሁ እንጂ ድምፅ አልቀዳም። ማስታወሻውን የምናየው እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ነን። ለአመራሩ የሚደርሰው ሌሎች ከተናገሩት ጋር ተቀላቅሎ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። ስለ ትንኮሳ፣ ስለ ገንዘብ ማጭበርበር ወይም በሰው ደኅንነት ላይ ስላለ አደጋ ከነገሩኝ በምስጢር ይዤው ልቀመጥ አልችልም። ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ፤ ለማንና እንዴት እንደማስተላልፍ ግን ከመሄድዎ በፊት እነግርዎታለሁ።»

1. መልቀቅን ማሰብ የጀመሩት መቼ አካባቢ ነበር? በዚያ ሰሞን በሥራዎ ላይ ምን እየሆነ ነበር?
2. ያን ጊዜ ሐሳብዎን ሊያስለውጥ የሚችል ነገር ነበር?
3. ስሜትዎን ለሚመለከተው ሰው ተናግረው ነበር? ካልተናገሩ ምን ያዘዎት?
4. ሲቀጠሩ የተነገረዎት ሥራና በተግባር የሠሩት ሥራ በምን ይለያዩ ነበር?
5. በተለመደ ሳምንት ውስጥ ጊዜዎን ከሁሉም በላይ የሚወስደው ምን ነበር?
6. ሥራዎን በደንብ መሥራትዎን የሚያውቁት በምን ነበር?
7. ከቅርብ ኃላፊዎ ጋር ስለ ሥራዎ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተነጋገሩት መቼ ነበር? ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር ነበር?
8. ዕድገት ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር? እንዴት ዐወቁ?
9. በሥራ ክፍልዎ የማይስማማበትን ነገር በግልጽ የተናገረ ሰው ምን ይገጥመው ነበር?
10. አዲሱ ሥራዎ እዚህ ያላገኙትን ምን ይሰጥዎታል?
11. እዚህ በደንብ የሚሠራና ሊነካ የማይገባው ነገር ምንድን ነው?
12. እስካሁን ከነገሩኝ ውስጥ በጥቅሉም ቢሆን እንዳይጠቀስ የሚፈልጉት አለ?

ከሁሉም በላይ ያተረፈልን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሰዎች ቀኑን ሲያስታውሱ ክስተቱም አብሮ ይመጣል፤ ክስተቱ ደግሞ ከምክንያት ይልቅ እውነት ይናገራል። ዘጠነኛው ስለ «አንድ ሰው» የሚጠይቀው ሆን ተብሎ ነው፤ ተናጋሪው የራሱን ገጠመኝ በሌላ ሰው ስም ቢነግረን አንቃወምም። በመጨረሻው ጥያቄ ምክንያት ከዚህ ሪፖርት የወጣ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አንልም።

ተደጋግመው የተነሡ ጉዳዮች

*የለቀቀ ሰው ሥራ በቀሩት ላይ መደረቡ።* አብዛኞቹ ያነሡት ይህን ነው። የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ሲሆን ሥራው ለቀሩት ይከፋፈላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም «ለጊዜው ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ቅጥሩ ሲዘገይ ጊዜያዊው መደበኛ ይሆናል፤ በአፈጻጸም ምዘናው ግን አይታይም፤ በሥራ መዘርዝሩ ውስጥ የለምና። ተጨማሪውን ሥራ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ጠንካራው ሠራተኛ ነው፤ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚቀጠረውም እሱ ነው። አብዛኞቹ መልቀቅን ማሰብ የጀመሩበትን ጊዜ ሲጠየቁ የጠቀሱት አንድ ባልደረባ ከሄደ በኋላ የነበሩትን ወራት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ እንደ ተለያዩ ክስተቶች የምንቆጥራቸው መልቀቂያዎች ከፊላቸው አንዱ ሌላውን የወለዱ ናቸው ብለን እናምናለን። ክፍት ቦታ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር በደመወዝ በጀት ላይ የሚታየው ቁጠባም ከዚህ አንጻር ሊመረመር ይገባዋል።

*የዕድገት አሠራር ግልጽ አለመሆን።* ብዙዎች ዕድገት አለማግኘታቸውን ሳይሆን ለምን እንዳላገኙ አለማወቃቸውን ነው ያነሡት። ተወዳድሮ ያልተመረጠ ሠራተኛ ውጤቱን የሚያነብበው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ማን ምን ነጥብ እንዳገኘና በቀጣይ ምን ማሻሻል እንደሚገባው የሚነግረው የለም። ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። አንዳንዶች ምርጫው አስቀድሞ ያለቀ ነው ብለው ስላመኑ በኋላ በወጡት ማስታወቂያዎች አልተወዳደሩም። እምነታቸው ትክክል መሆን አለመሆኑን ይህ ሪፖርት አይፈርድም፤ የሚያስተባብል ነገር እጃቸው ላይ አለመድረሱን ግን ይናገራል።

*ውይይት የሌለው ምዘና።* ብዙዎች የዓመቱን ነጥብ በወረቀት ተቀብለው ፈርመዋል። ለሰባተኛው ጥያቄ የተሰጡት መልሶች አጭር ነበሩ።

*ስለ ቅርብ ኃላፊዎች።* ይህን አንቀጽ ለመጻፍ ከሁሉም ይበልጥ ተቸግረናል፤ አንባቢው ወዲያው ስም ማሰብ ይጀምራልና። አንዳንዶች ያነሡት የአንድን ኃላፊ ጠባይ ሳይሆን የሚደጋገም አሠራርን ነው፦ በሙያው ጎበዝ የሆነ ሰው ይሾማል፣ ሰው ስለመምራት የሚሰጠው ሥልጠና የለም፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረውም ሥራ አይነሣለትም። ከበታቾቹ ጋር ለመነጋገር የሚተርፈው ጊዜ የለውም። በእኛ ግምት ጉድለቱ የተሿሚው ሳይሆን የአሿሿሙ ነው።

*ደመወዝ።* አብዛኞቹ ለአሥረኛው ጥያቄ የመለሱት ደመወዝ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር ያነሡት ግን አንዳንዶች ብቻ ናቸው። ደመወዝ አይጨምር ማለታችን አይደለም፤ ጭማሪ ብቻውን ፍለጋውን እንደማያስቀር መናገራችን ነው።

ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ሲጠየቁ ብዙዎች የባልደረቦቻቸውን መደጋገፍና አዲስ ገቢዎች የሚያገኙትን የሙያ ሥልጠና ጠቅሰዋል።

ይህ ሪፖርት የማይናገረው

የተጠየቁት የለቀቁት ናቸው፤ ያልለቀቁት ምን እንደሚያስቡ ከዚህ ማወቅ አይቻልም። ከአምስት ያነሱ ሰዎች ያነሡዋቸው ጉዳዮችም እዚህ የሉም። አለመጻፋቸው ቀላል ናቸው ማለት አይደለም፤ በመምሪያችን ተመዝግበው ተይዘዋል፣ በመጪው ዓመት ሌሎችም ካነሡዋቸው በዚያ ሪፖርት ይቀርባሉ። ወዲያው ሊጣራ የሚገባው ነገር በተለየ መንገድ የሚሄድ በመሆኑ ይህን ሪፖርት አይጠብቅም።

ከአመራሩ የሚጠበቅ ውሳኔ

አንደኛ፣ ክፍት የሥራ ቦታ ከ60 ቀናት በላይ ሳይሞላ ከቆየ የክፍሉ ኃላፊ የትኛው ሥራ እንደሚቆም ወይም እንደሚዘገይ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፤ ተደርቦ የተሠራው ሥራም በምዘና እንዲያዝ። ሁለተኛ፣ ለዕድገት የተወዳደረ ሁሉ ውጤቱ በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ነጥቡንና ምክንያቱን ከአስመራጭ ኮሚቴው በአካል እንዲሰማ። ሦስተኛ፣ አዲስ የሚሾም ኃላፊ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥልጠና እንዲያገኝና የቀድሞ ሥራውን የሚረከበው ሰው ከሹመቱ ጋር እንዲወሰን።

አራተኛው ጥያቄያችን ለእናንተ ነው። በስብሰባው ላይም ሆነ ከስብሰባው በኋላ «ይህን ያለው ማን ነው?» ተብለን እንዳንጠየቅ፣ የክፍል ኃላፊዎችም የቀድሞ ሠራተኞቻቸውን ደውለው እንዳይጠይቁ እንዲታዘዝልን እንጠይቃለን። ብንጠየቅም አንመልስም፤ ይህንንም ለጠየቅናቸው ሁሉ ቃል ገብተናል።