የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መርዶ ሳላረዳ ልመልስልህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። ስሙን፣ ሲዝኑንና ኤፒሶዱን አውጥቼ እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦ «ያ ሞት ለምን አስፈለገ? ከአዘጋጆቹ ጋር ጠብ ነበር ወይስ እኛን ለማስደንገጥ ብቻ ነው?»

ድራማውን ትናንት ማየት የጀመረ ሰውም ይህን ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ሟችን «እሳቸው» እላለሁ። ለክብር ብቻ ብዬ አይደለም። በእኛ ቋንቋ «ሞተ» ወይም «ሞተች» ካልክ ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ አወጣህ ማለት ነው። አንቱታ ግን ወንድ ከሴት አይለይም። ሕፃንም ይሁኑ ሽማግሌ፣ ንጉሥም ይሁኑ ሎሌ፣ እኔ «ሞቱ» ነው የምለው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ጠብ አልነበረም። ድራማው በኤችቢኦ መታየት የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ነው። ድራማው ከተሠራባቸው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ መጽሐፎች የመጀመሪያው ግን የወጣው በ1996 ነበር። የእሳቸው ሞት ከመጽሐፎቹ በአንዱ ውስጥ አለ፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። እሳቸውን ሆነው የተወኑት ሰው ውል ሲፈርሙ መጽሐፉ ገበያ ላይ ነበር። ማንም ማንንም አላባረረም።

ለማስደንገጥ ብቻ ነው በሚለው ደግሞ ፈጽሞ አልስማማም። ማርቲን ታሪኩን የሚተርከው በአንድ ሰው ዓይን አይደለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ የሌላ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ርዕሱም የሰውየው ስም ነው። በዚያ ላይ መነሻ ከሆኑት ታሪኮች አንዱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የላንካስተርና የዮርክ ቤቶች ለዘውድ የተፋጁበት ጦርነት ነው። በእንዲህ ያለ ጦርነት ደግሞ ስለምንወደው ብቻ የሚተርፍ የለም። እኛ ግን «እሳቸውንማ አይነኩብንም» ብለን ተቀመጥን። ያስደነገጠን ሞቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ያ እርግጠኝነታችን ነው።

ከመጀመሪያው ደግመህ እየው። እሳቸው የወሰዱት አንድ ውሳኔ አለ። በሰዓቱ ትክክል ይመስላል፤ እኔም እሳቸውን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ያስጠነቅቃል። አይሰማም። በመጀመሪያው ዕይታ ያን ንግግር እንደ ተራ ወሬ ነበር ያለፍኩት። በሁለተኛው ግን አቁሜ መለስኩት፣ እንደገና መለስኩት፤ ሆዴ ተላወሰ። ሁሉም ነገር እዚያች ላይ ተነግሮን ነበር። ከዚህ በላይ ከገለጽኩ ትዕይንቱ ይታወቃል።

አሁን ስለ እህትህ። «ማን ነው የሚሞተው?» እያለች እንደምትጨቀጭቅህ ጽፈሃል። አደራ፣ «ገና ነው» እንኳ እንዳትላት። «ሦስተኛው ሲዝን ላይ ጠብቂ»፣ «ያን ያህል አትውደጂው»፣ «እዚህ ላይ ስልክሽን አስቀምጪ» አትበል። አንዷ ቃል ትበቃለች። እኔ የተሰረቅኩት እንዲህ ነው። በፍላሽ ድራማ የሚጭንልኝ ልጅ ነበር። ዋጋውን ተቀብሎ፣ ፍላሹን ነቅሎ እየሰጠኝ፣ ፈገግ ብሎ «እሱ እኮ ይሞታል» አለኝ። በቃ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደስ ብሎት ነው። ግን ያ ሰው በታየ ቁጥር ታሪኩን ትቼ ቀኑን ስቆጥር ከረምኩ። (በ«እሱ» እንዳትጠቆሙ፤ ልጁ ያለኝ ስለ ሌላ ድራማ ሌላ ሰው ነው።)

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በመንገድ ላይ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚነገረው። የድራማ ሞት ከሰው ሞት ጋር አይወዳደርም፤ ግን የወደዱትን ሰው ማጣት በራሱ ሰዓት መምጣት አለበት።

እህትህ ስትጠይቅህ ይህን በላት፦ «73 ኤፒሶድ ነው። ብዙ ሰው ይሞታል፤ ብዙ ሰውም ይተርፋል። አንቺ ማንን ወደድሽ?» የፈለገችውን ስም ትጥራ፤ ሁሉም ላይ ያንኑ ፊት አሳያት። የእሳቸውን ስም ስትጠራ ዝም ካልክ ነገርካት። ቸኩለህ «አይ፣ እሳቸው አይደሉም» ካልክም ነገርካት። ዩቲዩብ ላይ ስለ ድራማው እንዳትፈልግም ንገራት፤ ቪዲዮውን ሳትከፍት ሥዕሉ ብቻ ያረዳታል።

ከእሳቸው ሞት ጀርባ ስላለው እውነተኛ ታሪክም ጠይቀኸኛል። እዚህ ዓመቱን ብጽፍ አንድ ሰው ጎግል አድርጎ ይደርስበታል። ለብቻህ እልክልሃለሁ።

እህትህ ያቺን ኤፒሶድ የምታይበት ማታ ግን ከቤት አትውጣ። ሻይ አፍላና አጠገቧ ቁጭ በል። ስትጨርስ መጀመሪያ እሷ ትናገር።