ከመመረቂያ ጽሑፍ መጽደቅ በኋላ በትምህርት ክፍሉ ዝግጅት ላይ የቀረበ የምስጋና ንግግር

ክቡራን መምህራኖቼ፣ ውድ ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

አማካሪዬ፣ በሐዋሳ ዙሪያ የጉድጓድ ውሃ ስላለው ፍሎራይድ በጻፍኩት ረቂቅ ጠርዝ ላይ በቀይ ያሰፈሩልኝ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሥራውን አቅንቶታል። ፈታኞቼም ያዘዛችሁኝ እርማት ጽሑፉን አጥርቶልኛልና ከልብ አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ የላቦራቶሪያችን ባለሙያ፣ የእርስዎ ውለታ በአንድ ቃል አያልቅም። ፍሎራይድ የሚለካበት ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እንጂ በብርጭቆ እንደማይቀመጥ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ኤሌክትሮዱ ከመግባቱ በፊት ለናሙናው ቲሳብ የተባለው ማስተካከያ ፈሳሽ በእኩል መጠን ካልተጨመረ፣ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር የተሳሰረው ፍሎራይድ ሳይነበብ ይቀራል። ፍሎራይድን ከውሃ የሚያጣራውን የከብት አጥንት ከሰልም በዓይን መለየት ከእርስዎ ተማርን፤ ጥቁሩ ገና ነው፣ ለውሃው ሽታ ይሰጠዋል፤ ነጩ እሳት በዝቶበታል፣ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ወርዷል፤ የሚፈለገው ወደ ቡናማ የሚያደላው ግራጫ ነው።

ጉድጓዳቸውን ለከፈቱልን የሐዋሳ ዙሪያ እናቶችና አባቶች ያለብን ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም። የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ የተገኘባቸውን ጉድጓዶች ውጤት በአማርኛና በሲዳምኛ ጽፈን፣ በመጪው ቅዳሜ በየደጃቸው እናደርሳለን። መምጣት የምትችሉ ጓደኞቼ፣ አብራችሁን ኑ።

እማዬ፣ አባዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ይህ ድካም የእናንተ ነው።

አሁን እማዬ የደፋችውን ድፎ ዳቦ ባርከው እንዲቆርሱልን የትምህርት ክፍላችንን ኃላፊ በአክብሮት እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።