ከ600

የአጭር ልብ ወለድ ፊልም ስክሪፕት (5 ደቂቃ)

ቦታና ጊዜ፦ ደብረ ብርሃን፣ መስከረም፣ መብራት የጠፋበት ምሽት።

ገጸ ባሕርያት፦ ሰላም፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ። እናቷ አበበች፣ ጉሊት ቸርቻሪ። ማኅሌት፣ የሰላም ጎረቤትና የክፍል ጓደኛ። የማኅሌት እናት።

ለዳይሬክተሩ፦ በፊልሙ ውስጥ ሰው የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሙዚቃ የለም። የሚያላቅስ ማሲንቆማ ጭራሽ እንዳይገባ!

ትዕይንት 1፦ ቤት ውስጥ (1 ደቂቃ)

ሻማ በርቷል። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ደምቆ የተጻፈ ወረቀት፦ 300/600። ሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል። አልጋው ላይ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ሻንጣ።

ሰላም ጋቢ ደርባ ስልኳን ወደ ጣሪያው ታነሳለች። ኔትወርክ የለም። አበበች ከሰል ላይ ፈንዲሻ ታፈነዳለች። ልጇን በጎን ታያታለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ድስቱን መነቅነቅ ትጀምራለች።

ሰላም ብድግ ብላ ትወጣለች።

ትዕይንት 2፦ ደጅ (1 ደቂቃ ተኩል)

ሰላም የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጥታለች። የስልኩ ብርሃን ፊቷ ላይ። የመፈተኛ ቁጥሯን ታስገባለች። ስክሪኑ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች። ትሽከረከራለች። (30 ሰከንድ ሙሉ። ተመልካቹም ይሰልች።)

ገጹ ይከፈታል። ካሜራው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያያል፦ እንግሊዝኛ 52፣ ሒሳብ 38፣ አፕቲትዩድ 55፣ ፊዚክስ 41፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 54። ድምር 287።

እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ትደምራለች። ያው 287። በምራቋ ታሸዋለች፤ ቀለሙ ይበልጥ ይሰፋል።

ከጎረቤት እልልታ።

ትዕይንት 3፦ ቤት ውስጥ (1 ደቂቃ)

አበበች እልልታውን ሰምታ ትነሳለች። የልጇ መስሏታል። የፈንዲሻውን ሰፌድ ይዛ፣ አፏን ለእልልታ ከፍታ በሩን ትከፍታለች። ሰላም ደጃፉ ላይ ቆማለች። የአበበች አፍ ቀስ ብሎ ይገጠማል።

ሰላም መዳፏን ትዘረጋለች። አበበች ሰፌዱን አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ቀለሙን ትጠርጋለች። አይለቅም። መጥረጓን አታቆምም።

እልልታው ይደገማል። ሰላም እጇን አስለቅቃ ሻንጣውን በእግሯ አልጋ ሥር ትገፋዋለች። ከዚያ ሰፌዱን አንስታ ቀድማ ትወጣለች። አበበች ነጠላዋን አስተካክላ ትከተላታለች።

ትዕይንት 4፦ የማኅሌት ቤት ደጃፍ (1 ደቂቃ ተኩል)

ማኅሌት እየሳቀች በሩን ትከፍታለች። የሰላምን ዓይን ስታይ ሳቋ ይቆማል።

ሰላም ከፈንዲሻው አፍሳ ማኅሌት ራስ ላይ ትበትንባታለች። ጥቂቱ ፀጉሯ ውስጥ ይቀራል። ማኅሌት ማልቀስ ወይ መሳቅ ያምራታል፤ ሁለቱም ይመጡባታል። አበበች እልል ትላለች። መሃል ላይ ድምፅዋ ይሰበራል። ትውጠውና እንደገና ትጀምራለች።

የማኅሌት እናት ጀበና እንደያዘች ከውስጥ ትመጣለች።

የማኅሌት እናት፦ ምነው ውጭ ቆማችሁ? ብርድ አይደል እንዴ! ግቡ!

ሰላምን በክንዷ ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትታታለች። ጨለማ።